በረኪና ከምግብ አጠገብ፦ ስንት ይጨመር፣ መቼ፣ ከምንስ ይራቅ?

ጅማ ውስጥ ቁርስ ቤት፣ ጭማቂ ቤት ወይም ጀበና ቡና የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ጠረጴዛውን በበረኪና ስናጸዳ ስንት እንጨምር?» ይሉኛል። ወዲያው ደግሞ «ላርጎም ብንቀላቅልበት የበለጠ አያጸዳም?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። በረኪና ብቻውን ነው የሚሠራው። የሚመጣው ከሳሙናው በኋላ ነው። መጠኑም ብዙ ሰው ከሚያፈሰው በጣም ያንሳል። ይህ ከበቃችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ግን መጠኑን በራሳችሁ ለማስላት እና ለሠራተኛ ለማስረዳት ቀሪውንም አንብቡት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት ቤት እናስብ። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ናት። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ሰዓት ጥብስ፣ ከሰዓት በኋላ የአቮካዶና የማንጎ ጭማቂ ትሸጣለች። ሥጋውም ሰላጣውም የሚከተፈው በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማታ ሲዘጋ ጠረጴዛው፣ የፕላስቲክ መክተፊያው እና የጭማቂ መፍጫው መጽዳት አለባቸው። ከታች ያሉት ደረጃዎች የተጻፉት ለዚህች ቤት ነው። ለቤታችሁ ኩሽናም ይሠራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መቶኛው መለያው ላይ የተጻፈበት፣ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና። ንጥረ ነገሩ «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት» ተብሎ ነው የሚጻፈው።
- 5 ሊትር ውሃ የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ። ብረት አይሁን፤ በረኪና ብረት ይበላል።
- መለኪያ። መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ወይም ከሽሮፕ ጋር የምትመጣዋ ትንሽ ኩባያ ትበቃለች።
- ፈሳሽ ሳሙና፣ ሰፍነግ፣ የላስቲክ ጓንት።
- ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ጨርቆች። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለበረኪና።
- ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ።
- ማርከርና ፕላስተር፣ ባልዲው ላይ ለመጻፍ።

ሲሪንጁንም ሆነ ኩባያዋን አንዴ ለበረኪና ከተጠቀማችሁባቸው የልጅ መድኃኒት ዳግም አይለካባቸውም። ማርከር አድርጉባቸውና ከበረኪናው ጋር አስቀምጧቸው።

ስንት በረኪና?

ምግብ ለሚነካ ነገር የምንፈልገው ውህድ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ያለው ነው። ከዚህ ካነሰ ጀርሙን በደንብ አይገድልም። ከ200 ካለፈ ደግሞ ዕቃው ላይ የሚቀረው ስለሚበዛ የግድ ታጥቦ መውጣት አለበት። እኛ መሃል ላይ ያለውን 150ን እንያዝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለ5 ሊትር ውሃ 75ን መለያው ላይ ላለው መቶኛ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የሚጨመረው በረኪና በሚሊ ሊትር ነው። መለያው 5% ካለ 75 ለ5 ሲካፈል 15 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 4% ካለ 19 ገደማ፣ 3% ካለ ደግሞ 25 ነው። ባልዲያችሁ 10 ሊትር ከሆነ እጥፍ አድርጉት።

15 ሚሊ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። የቤት ማንኪያ ግን መጠኑ ስለሚለያይ ሲሪንጅ ይሻላል። «በቡና ሲኒ አንድ ሲኒ» የሚል ልክ የሚከተሉ ቤቶች አሉ። ሲኒው 60 ሚሊ ሊትር ከያዘና በረኪናው 5% ከሆነ፣ በ5 ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ 600 ሚሊ ግራም በሊትር ይደርሳል ማለት ነው። ለወለል ይሆን ይሆናል። ለመክተፊያ ግን ከሚገባው አራት እጥፍ ነው።

መለያ የሌለው፣ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ በረኪናስ? ምግብ ለሚነካ ነገር አትጠቀሙበት። መቶኛውን ሳታውቁ ልክ ማውጣት አይቻልም። ምን እንደተጨመረበትም አታውቁም። ለሽንት ቤት ወለል ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር፦ በረኪና እያደር ይደክማል። ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ ያፈጥኑታል። ስለዚህ የተመረተበትን ቀን አይታችሁ፣ በአንድና በሁለት ወር የሚያልቅ ትንሽ ዕቃ ግዙ። በትልቅ ጀሪካን ገዝቶ ዓመት ማስቀመጥ ርካሽ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ግን ውሃ ነው የምታፈሱት። የክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት ካገኛችሁ ውህዱ ውስጥ ነክራችሁ ከ100 እስከ 200 መሆኑን እዩ። ወረቀቱ ከሌለ ትኩስ በረኪና መግዛትና በትክክል መለካት ነው ያለው አማራጭ።

ደረጃ በደረጃ

1. ምግቡን በሙሉ ከአካባቢው አንሱ። የተከተፈ ሽንኩርት፣ ዳቦ፣ የተከፈተ በርበሬ፣ የእንጀራ መሶብ፣ ሁሉም። «በደንብ ተከድኗል» ብላችሁ አትተዉት። ጨርቅ ሲጨመቅና ሰፍነግ ሲፈተግ የሚረጨው ጠብታ ከምታስቡት በላይ ርቆ ይሄዳል።

2. መስኮትና በር ክፈቱ። ይህ የሚደረገው በረኪናው ከመከፈቱ በፊት ነው። ጅማ ሲዘንብ በሩን ዘግቶ ማጽዳት የተለመደ ነው፤ ገባኝ። ቢያንስ አንዱን መስኮት ገርበብ አድርጉት።

3. ጠረጴዛውንና መክተፊያውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። መጀመሪያ ፍርፋሪውን ጥረጉ፣ ቀጥሎ በሰፍነግ ፈትጉ። ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄኛው ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ክሎሪን ጀርምን ከሥጋ ጭማቂ ወይም ከአቮካዶ ቅባት ለይቶ አያውቅም። ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ ቅባትና ደም ካለ ክሎሪኑ እነሱ ላይ ያልቅና ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። መክተፊያው ላይ ቢላዋ የቆፈራቸውን መስመሮች በብሩሽ ፈትጉ። መስመሩ ጠልቆ ከጠቆረና ካልለቀቀ መክተፊያው መቀየር አለበት። በረኪና እዚያ ውስጥ አይደርስም።

4. ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ አውጡ። አረፋ እስኪጠፋ ድረስ። ሳሙናው ውስጥ ያለው ነገር ክሎሪኑን ያዳክመዋል። አንዳንዱ የጽዳት ፈሳሽ ደግሞ ከበረኪና ጋር ጋዝ የሚፈጥር አሲድ ወይም አሞኒያ አለበት። ታጥቦ ከወጣ የሚያሰጋ ነገር አይኖርም።

5. ውህዱን አዘጋጁ። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲው ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያ የለካችሁትን በረኪና። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ውሃው በረኪናው ላይ ሲወርድ ያልተበረዘው በረኪና ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ሙቅ ውሃም አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑን ያባርረዋል፣ ሽታውንም ወደ አፍንጫችሁ ያመጣዋል። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ደፍረስ ያለ ውሃ ብቻ ካላችሁ መጀመሪያ አዝቅጡትና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጭቃውም ክሎሪን ይበላል።

6. ባልዲው ላይ «በረኪና» ብላችሁ ከነቀኑና ሰዓቱ ለጥፉ። ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው ንጹሕ ውሃ መስሎት ሰላጣ እንዳያጥብበት ነው። ውህዱ ቀለም የለውም፣ ሽታውም ቀላል ነው። ከውሃ በዓይን አይለይም።

7. በሁለተኛው ጨርቅ ጠረጴዛውን አርጥቡት። አትወልውሉት፤ አርጥቡት። ላዩ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ጀርሙን የሚገድለው ይህ የቆይታ ጊዜ ነው። በሞቃት ቀን ቶሎ ከደረቀ ድገሙት። መክተፊያውን ባልዲው ውስጥ መንከር ይቻላል።

8. አድርቁ። ልካችሁ ትክክል ከሆነ ጠረጴዛውን ማጠብ አያስፈልግም፤ በራሱ ይድረቅ። በፎጣ አትጥረጉት። ቀኑን ሙሉ እጅ ሲያብስ የዋለ ፎጣ ያጠፋችሁትን ጀርም መልሶ ያመጣዋል። ልኩን ከተጠራጠራችሁ ግን ለመጠጥ በሚሆን ውሃ አለቅልቁት።

9. ውህዱን ድፉት። ለነገ አታስቀምጡት። አንዴ ከተበረዘ ቶሎ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ የምትጠቀሙበት ከሆነ ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በፊት አንዴ አዘጋጁ። ውሃው ከደፈረሰ ሰዓቱን ሳትጠብቁ ቀይሩት።

የጭማቂ መፍጫውና የቡና ሲኒው

መፍጫው የራሱ ጣጣ አለው። በሎሚ፣ በብርቱካን ወይም በአናናስ ሠርታችሁበት ከሆነ ውስጡ ያለው ቅሪት አሲድ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር አይገናኝም። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፣ ምላጩንና የላስቲክ ቀለበቱን አውጡ፣ በሳሙና እጠቡ፣ አለቅልቁ። ቀለበቱ ሥር የሚጠራቀመው የአቮካዶ ቅባት ነው ነጋ ጠባ የሚሸተው። ከዚያ ሁሉንም በዚያው 150 ውህድ ለ2 ደቂቃ ንከሩ። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ደፍታችሁ አድርቁ። ምላጩን ሌሊቱን ሙሉ አትዘፍዝፉት። አይዝጌ ብረት እንኳን በክሎሪን ውስጥ ከቆየ ይቦረቦራል።

ጀበና ቡና የምትሸጡ፣ የእናንተ ችግር ሲኒው የሚነከርበት ሳህን ነው። ሃያ ሲኒ በአንድ ውሃ ሲታጠብ ውሃው ራሱ ጀርም አመላላሽ ይሆናል። ሦስት ዕቃ አድርጉ፦ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ለበረኪና ውህድ። ከውህዱ የወጣውን ሲኒ ግን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ ቡና ሽታ ይይዛል፣ ደንበኛም ወዲያው ያውቅባችኋል።

በረኪና የማይነካቸው ዕቃዎችም አሉ። ጀበና፣ የሸክላ ድስት፣ የሸክላ ምጣድ፣ የእንጨት ሙቀጫ፣ መሶብና ሰፌድ ፈሳሹን ይመጥጡታል፤ አለቅልቃችሁም አታወጡትም። እነሱን በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጽድታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የአሉሚኒየም ድስትና ላሜራ ደግሞ ይጠቁራል፣ ይዝጋል። ለእነሱ ሳሙናና የፈላ ውሃ ይበቃል።

ለምን ከምንም ጋር አይቀላቀልም?

በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን በፈሳሹ ውስጥ ታስሮ የሚቆየው ፈሳሹ አሲድ እስካልሆነ ድረስ ነው። አሲድ ሲገባበት ይፈታና ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ የኢንዱስትሪ አሲድ አያስፈልግም። አቼቶ ይበቃል። ሎሚም ይበቃል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጋዙ በሰከንድ ውስጥ ነው የሚመጣው። የማኪያቶ ማሽን ያላችሁም ልብ በሉ። የማሽኑን ነጭ ቅርፊት የሚያስለቅቀው ዱቄት ወይም ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ አሲድ ነው።

ክሎሪን ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች ይተኛል። ሽንት ቤት ውስጥ አጎንብሶ የሚፈትግ ሰው፣ ወይም ወለሉ ላይ የሚጫወት ሕፃን፣ ቆሞ ከሚያየው ቀድሞ ነው የሚተነፍሰው። መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከዚያ ሳልና የደረት መጥበብ ይመጣል።

አሞኒያ ሲገባበት ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። አሞኒያ በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ አለ። ሽንት ውስጥም አለ። ለዚህ ነው ያልታጠበ ሽንት ቤት ላይ በረኪና በቀጥታ ስታፈሱ ዓይናችሁ የሚያነባው። መጀመሪያ ብዙ ውሃ ድፉበት።

አልኮልና የእጅ ሳኒታይዘርም ከበረኪና ጋር መርዛማ ነገር ይፈጥራሉ። ለቁስል የሚውለው ኦክሲጂን ውሃ ደግሞ ከበረኪና ጋር በተዘጋ ዕቃ ከገባ ጋዙ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

«ኦሞና በረኪና ግን ሁሌ ነው የምቀላቅለው፣ ምንም ሆኜ አላውቅም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ተራ የዱቄት ሳሙና ብዙውን ጊዜ ጋዝ አያመጣም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳሙናውን ስትቀይሩ ውስጡ ያለውም ይቀየራል፤ አዲሱ ማጽጃ አሲድ ይኑርበት አሞኒያ በማሽተት አታውቁም። ሁለተኛ፣ ድካሙ ከንቱ ነው። በረኪናው በአረፋውና በቆሻሻው ላይ ያልቅና ሁለቱንም ዕቃ ገዝታችሁ የአንዱን ሥራ ነው የምታገኙት።

መቀላቀል ሁሌ ሆን ተብሎ አይደለም። በብዛት የሚሆነው በተራ ነው። አንዷ ሠራተኛ ሽንት ቤቱን በአሲድ አጽድታ ትወጣለች፣ ሌላዋ ሳታውቅ በረኪና ይዛ ትገባለች። ወይም አቼቶ የተነከረ ሰፍነግ በረኪናው ባልዲ ውስጥ ይገባል። ወይም ሁለቱ በአንድ የፍሳሽ መስመር ላይ ይገናኛሉ። መፍትሔው በአንድ ቀን በአንድ ቦታ አንድ ኬሚካል ብቻ መጠቀም ነው። ግዴታ ከሆነ በመካከሉ ብዙ ውሃ ይፍሰስ። እኔን ብትጠይቁኝ ምግብ ቤት ውስጥ የሽንት ቤት አሲድ ባይገባ ይሻላል።

የት ይቀመጥ?

ኬሚካል የራሱ ቦታ ይኑረው፤ ከኩሽናው ውጭ ቢሆን ይመረጣል። ቦታ ከሌለ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ምግብ ከላይ፣ ኬሚካል ከታች። ተገልብጦ ከተቀመጠ ክዳኑ የላላ አንድ ዕቃ ብቻ ከታች ያለውን የጤፍ ዱቄት ያበላሸዋል። «ታች ከሆነ ልጅ ይደርስበታል» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ስለዚህ ሳጥኑ ይቆለፍ። በዚያው ሳጥን ውስጥ ግን በረኪናና አሲድ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ሁለቱም ቢያንጠባጥቡ ሳጥኑ ውስጥ ይገናኛሉ።

ትልቁ አደጋ ያለው መገልበጥ ላይ ነው። በረኪናን በሃይላንድ ወይም በዘይት ጀሪካን አትቅዱ። የተጠማ ሰው ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚያስበው። ቢጫዋ የዘይት ጀሪካን ደግሞ ኩሽና ውስጥ ካለችው ዘይት ጋር መንታ ናት። በረኪና በመጣበት ዕቃ ይቆይ። መለያው ከለቀቀ በማርከር ጻፉበት። ጅማ ላይ አማርኛ የማያነብ ሠራተኛ ሊኖር ስለሚችል በአፋን ኦሮሞም ጻፉ፣ አጠገቡ የራስ ቅል ምልክት ሥሩበት። ባዶውን ዕቃ ደግሞ ለውሃም ለጠላም አታውሉት። ብሱና ጣሉት።

ከሱቅ ስትገዙም ይታሰብበት። ባለሱቁ በረኪናውን ከስኳሩና ከዳቦው ጋር በአንድ ፌስታል ይጨምረዋል። ለብቻው ይሁን በሉት። ባጃጅ ላይም ቆሞ እንዲሄድ እግራችሁ ሥር ያዙት። ቤት ሲደርስ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ።

የበረሮ መርጫና የአይጥ መድኃኒትም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ፤ ለእነሱ ግን ሌላ ሳጥን ይኑራቸው። የበረሮ መርጫ ምግብና ዕቃ ባለበት አይረጭም። ከተረጨም ጠረጴዛው ከደረጃ 3 ጀምሮ እንደገና ይታጠባል።

ነገሩ ከተበላሸ

- ጋዝ ሸቶ ዓይን ካቃጠለ፦ ሁሉንም ትታችሁ ውጡ። ሰው ይዛችሁ ውጡ። ባልዲውን ለመድፋት አትመለሱ። «ያበርደዋል» ብላችሁ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል «ተሻለኝ» ብሎ ብቻውን የሚያድር ሰው አይኑር።
- ዓይን ውስጥ ከገባ፦ የዓይን ሽፋሽፍቱን ከፍታችሁ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። ቧንቧ ከሌለ በጆግ አፍስሱ። ከዚያ ወደ ሐኪም።
- ሰው ከጠጣው፦ አታስመልሱት። ሲወርድ ያቃጠለው ጉሮሮ ሲወጣ ዳግም ይቃጠላል። አፉን ይጉመጥመጥ፤ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውሃ በትንሹ ይጠጣ። ወተት በጆግ ማጠጣት፣ ዘይት ማጠጣት ይቅር፤ የሚያስመልሰው እሱ ነው። ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሐኪሙ የሚጠይቀው ምን እንደጠጣና ስንት መቶኛ እንደሆነ ነው።
- ምግብ ላይ ከፈሰሰ፦ ምግቡ ይጣላል። ታጥቦ፣ ፈልቶ ወይም ተጠብሶ አይድንም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

«ሽታው ካልበረታ አላጸዳም» የሚለው የመጀመሪያው ነው። በትክክል የተበረዘ ውህድ የመዋኛ ገንዳን ያህል እንኳን ላይሸት ይችላል። አፍንጫን የሚሰብር ሽታ የሚመጣው ወይ ከበዛ በረኪና፣ ወይ ካልታጠበ ቆሻሻ ነው። ሁለቱም ጥሩ ዜና አይደሉም።

ሌላው የሚረጭ ጠርሙስ ነው። ውህዱን በጠርሙስ እየረጩ ጠረጴዛ ማጽዳት ፈጣን ይመስላል። ግን ጉሙን የሚተነፍሰው የሚረጨው ሰው ነው፣ ቀሪው ደግሞ አጠገቡ ያለ ድስት ላይ ያርፋል። ግድ ከሆነ ጨርቁ ላይ ርጩ።

ሦስተኛው በደንበኛ ፊት መፈጸሙ ነው። ሰው እየበላ የጎረቤት ጠረጴዛ በበረኪና ሲወለወል አይቻለሁ። ጠብታው ሳህን ውስጥ ይገባል። ሰው እያለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ በረኪናው ጠረጴዛው ሲለቀቅ ይደርሳል።

በመጨረሻም ሰላጣ። «ሰላጣና ቲማቲም በበረኪና ይታጠባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከጭማቂ ቤቶች አይጠፋም። ለልብስና ለወለል በተሠራ በረኪና አይታጠብም፤ ሽቶም ማወፈሪያም ሊኖረው ይችላል። በሳሙናም አይታጠብም፤ ቅጠል ሳሙና ይመጥጣል። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል እጠቡት፣ የሚላጠውን ላጡ። የማጠቢያው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ቀድማችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ በተሠራ ማከሚያ፣ መለያው ላይ በተጻፈው ልክና የቆይታ ጊዜ አክሙት። ማንጎና አቮካዶም ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ፤ ልጣጩ ላይ ያለውን ቢላዋው ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው።